ከሰው አገር በሰላም ለገባ የምስጋና ዘፈን እንዴት ይሠራል? ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ጭብጨባ

የአክስቴ ልጅ ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች። ቤተሰቡ ሲሰበሰብ የሚዘፈን ነገር ሥራልኝ ብላ የጠየቀችኝ ራሷ ናት። «ጋሼ፣ ተመስገን የሚል ይሁን፣ ግን እንደ ሁሉም ሰው አይሁን» አለችኝ። ይህች «ግን» ሁለት ሳምንት አስለፋችኝ። የደረስንበትን ከነስህተቱ እጽፈዋለሁ። እንደዚህ ያለ ዘፈን መሥራት የሚፈልግ ሰው የእኛን ግጥም እንዳለ ቢወስደው አይሆንለትም፤ መንገዱን ግን መከተል ይችላል።

ዘፈኑ አምስት ጥንድ ስንኞችና አንድ አዝማች አለው። በድምፅና በጭብጨባ ብቻ ይዘፈናል፤ መሣሪያ ካለ ይጨመርበታል። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ካለፈ ተቀባዩ አዝማቹን በልማድ ማለት ይጀምርና መስማቱን ይተወዋል።

መጀመሪያ ጠይቁ፣ ግን «ምን ደረሰብሽ?» አትበሉ

ብዙ ሰው ብዕር አንስቶ «ተመስገን ጌታዬ» ብሎ ይጀምራል። እኔም እንደዚያ ጀምሬ ነበር። አንድ ገጽ ሞልቼ ሳነብላት ዝም ብላ አዳመጠችና «ጥሩ ነው» አለች። ያቺን «ጥሩ ነው» የሚያውቅ ያውቃታል። ችግሩ ምን ነበር? የጻፍኩት ሁሉ ለማንም ሰው፣ ከየትም ቢመለስ፣ ከሆስፒታልም ቢወጣ የሚሆን ነው። ተመስገን ከሚለው ቃል በፊት ለምን እንደሆነ የሚናገር፣ በዓይን የሚታይ ነገር ካልመጣ ቃሉ ባዶውን ይቀራል።

ስለዚህ ግጥሙን ትተን ተቀምጠን አወራን። አርባ ደቂቃ ያህል። ከሰው አገር የመጣን ሰው «ምን ደረሰብሽ?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ነገር ያስከትላል፤ ወይ ትዘጋለች፣ ወይ ለሁሉም ስትናገር የከረመችውን ወሬ ትደግምላችኋለች። ሁለቱም ለዘፈን አይሆኑም። ስለ ነገር፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ቦታ ጠይቁ። እኔ የጠየቅኳት አራት ነበሩ።

ስትሄጂ ከቤት መጨረሻ የሰማሽው ድምፅ ምን ነበር? «እማዬ ስሜን ጠራች። ሌላ ምንም አላለችም፤ ሌሊት ነበር።»

ማታ መብራት ከማጥፋትሽ በፊት መጨረሻ የምታይው ነገር? «ቁም ሳጥኑን። ከጀርባው በእርሳስ ቀን እቆጥር ነበር። ግድግዳ ላይ ቢሆን ያዩታል።»

አማርኛ መቼ ታወሪ ነበር? «ቀን ማን ጋር? ማታ ስጸልይ ብቻ።»

ስትገቢ መጀመሪያ ምን ሆነ? «ሻንጣዬን ሳወርድ እማዬ በሩ ላይ ነበረች። ያንኑ ስሜን ጠራችው፤ አሁን ግን ጮኻ።»

ዘፈኑ እዚህ ውስጥ አለ። ከዚህ በኋላ የእኔ ሥራ መስፋት ብቻ ነበር። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ወረቀት፣ ስለ አሠሪዎቿም ነገረችኝ፤ ቀጥላ ግን «እሱን አትጻፈው» አለች። ይህ ሕግ ይሁንላችሁ፦ ባለቤቱ አይጻፍ ያለው አይጻፍም፣ ምንም ያህል ጥሩ ስንኝ ቢወጣውም። ዘፈኑ ሰው ፊት የሚባል ነው፤ ነገ ጎረቤት የሚጠይቃት እሷን እንጂ ግጥም ጸሐፊውን አይደለም።

ገንዘብም አልገባበትም። ያመጣችውን የሚቆጥር ስንኝ ከገባ ዘፈኑ ምስጋና መሆኑ ቀርቶ ሒሳብ ይሆናል፤ ባዶ እጇን የገባች ሌላዋ ደግሞ እዚያው ተቀምጣ ትሰማለች።

ቅደም ተከተሉን ከአሮጌ ምስጋና ውሰዱ

አራቱን መልሶች በምን ተራ እንደማስቀምጣቸው ስፈልግ መዝሙረ ዳዊት 107ን (በግዕዙ አቆጣጠር 106ን) ከፈትኩ። ይህ መዝሙር ከመከራ ስለተመለሱ ሰዎች የሚናገር ምስጋና ነው። አራት ዓይነት ሰዎች ይመጣሉ፦ በምድረ በዳ የጠፉ፣ የታሰሩ፣ የታመሙ፣ በመርከብ ወደ ባሕር ለሥራ የወረዱ። የአራቱም ታሪክ በአንድ መልክ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ጭንቁ፣ ቀጥሎ ጩኸቱ፣ ቀጥሎ መዳኑ፣ መጨረሻ ምስጋናው። መዝሙሩ ራሱ በምስጋና ጥሪ ቢከፈትም፣ በአራቱ ታሪኮች ውስጥ ምስጋናው አራት ጊዜ ይመላለሳል፣ ግን አንድም ጊዜ ከጭንቁ ቀድሞ አይመጣም።

እኛም ይህንኑ ያዝን። አንደኛው ጥንድ መሄዷን፣ ሁለተኛው ዓመታቱን፣ ሦስተኛው ጸሎቷን፣ አራተኛው መግባቷን ይይዛል። አምስተኛው ገና ላልገቡት ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ጸሎቱ ያለበትን ሦስተኛውን ጥንድ ብዙዎች ይዘሉታል። ከተዘለለ ግን «አንተ» የሚባለው አካል በዘፈኑ መሐል ድንገት የመጣ እንግዳ ይሆናል፤ ስትጠራው ካልሰማን ሲመልሳት አንገረምም።

ቀለም ቁጠሩ

አማርኛ ግጥም በሚዘፈንበት ጊዜ የሚያቆመው የቀለም ቁጥር ነው። በሰፊው የምንጠቀምበት የወል ቤት የሚባለው ልክ አንዱን ስንኝ ሁለት ሐረግ አድርጎ ለእያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም ይሰጣል። እኛ የያዝነው እሱን ነው። ሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው፤ ፈጠን ላለ ነገር ጥሩ ነው፣ ግን «ተመስገን ተመስገን» የሚለው ራሱ ስድስት ቀለም ስለሆነ ገና ከአዝማቹ ይጣላል።

ቀለም ማለት ፊደል ማለት አይደለም፤ ስህተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። በቃል ውስጥ ወይም መጨረሻ ላይ ያለ ሳድስ ፊደል የራሱ ድምፅ ከሌለው ከፊቱ ባለው ላይ ይደገፋል እንጂ አይቆጠርም። «ሻንጣዬን» አምስት ፊደል ነው፣ ሲዘፈን ግን ሻን፣ ጣ፣ ዬን ብቻ ነው፤ ሦስት ቀለም። «ስዘጋ» ግን ሳድሱ መነሻ ላይ ስለሆነ ይሰማል፤ ስ፣ ዘ፣ ጋ፣ ሦስት። ሁለቱ ሲደመሩ ስድስት ሞሉ። «ስልክ» ሦስት ፊደል ተጽፎ አንድ ቀለም ነው። በጣት ስትቆጥሩ ወረቀቱን አትዩ፤ ዓይን ፊደል ይቆጥራል። ጮክ ብላችሁ እያላችሁ እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ ምቱ።

መሄዷን የሚናገረው ጥንድ እንዲህ ወጣ፦

ሻንጣዬን ስዘጋ እናቴ ደጅ ቆማ፣
ስሜን ብቻ ጠራች በሌሊት ጨለማ።

ሁለተኛው ግን አስቸገረ። የመጀመሪያው ስንኝ ቶሎ መጣ፦ «ከቁም ሳጥን ጀርባ ቀን የቆጠርኩበት»። ለቀጣዩ «ስምንት ዓመት ሞላ ጉልበቴ አልቆበት» ብዬ ጻፍኩ። በጣት ሲቆጠር ልክ ነው፣ ስድስትና ስድስት። ስትዘፍነው ግን ሁልጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ትሰናከላለች። ሦስተኛ ጊዜ ሳዳምጥ ገባኝ። «ጉልበቴ» በድምፅ ያልቃል፣ «አልቆበት» በድምፅ ይጀምራል፤ ሁለቱ ሲገናኙ አፍ አንዱን ይውጠዋል፣ ስድስቱ አምስት ይሆናል። እንዲህ ያለ ግጥሚያ በሁለት ሐረጎች መሐል ቢሆን ግድ የለም፣ እዚያ ትንፋሽ አለ። «ስዘጋ» እና «እናቴ» የተገናኙት እዚያ ነው፣ ማንም አይሰማውም። በሐረግ ሆድ ውስጥ ግን ያደናቅፋል። እንዲህ ቀየርነው፦

ከቁም ሳጥን ጀርባ ቀን የቆጠርኩበት፣
ስምንት ዓመት ሞላ ዕድሜ የሄደበት።

ስለ ቤት አመታቱ አንድ ነገር ልበል። «የቆጠርኩበት» ከ«የሄደበት» ጋር ቤት የሚመታው በቅጥያው ነው፤ «በት» ከ«በት» ጋር። ይህ ቀላሉ ነው፤ አማርኛ በቅጥያ ሀብታም ስለሆነ የፈለጉትን ያህል ይገኛል። አምስቱም ጥንድ እንዲህ ከሆነ ግን ጆሮ ቀድሞ ይገምተዋል። «ቆማ» እና «ጨለማ» የተሻሉ ናቸው፣ አንዱ ግሥ አንዱ ስም ነው። እኔ ከአምስቱ ሁለቱን በቅጥያ እንዲሆኑ ፈቀድኩ፣ ሌሎቹን አልፈቀድኩም።

ሦስተኛው፣ የጸሎቱ፦

በሰው ቋንቋ ውዬ ማታ ባገሬ ቃል፣
ስንቴ ተጣራሁኝ ማን እንዳንተ ያውቃል።

አራተኛውን ስጽፍ አዲስ ነገር አልፈለግኩም። የነገረችኝ ራሱ ተጣጥፎ ነበር፤ ያው ሻንጣ፣ ያው ደጅ፣ ያው ስም። ከመጀመሪያው ጥንድ ሦስት ቦታ ብቻ ቀየርኩ፦

ሻንጣዬን ሳወርደው እናቴ ደጅ ቆማ፣
ስሜን ደግማ ጠራች ሰፈር እስኪሰማ።

በሌሊት ጨለማ የተጠራ ስም ሰፈር እስኪሰማ ተጠራ። ስታነብበው እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ደስ አለኝ» የሚል ቃል ጥንዱ ውስጥ የለም፤ አላስፈለገም። መመለስ የሚሰማው አድማጩ መሄዱን ሲያስታውስ ስለሆነ፣ የመጨረሻውን ጥንድ ከመጀመሪያው ቃል ተበድራችሁ ሥሩት።

ላልገቡት አንድ ጥንድ

ይህን ያመጣችው እሷ ናት። አብራት የሄደች ጓደኛዋ እስካሁን እዚያው ናት። «እኔ ብቻ ገባሁ ብዬ መዝፈን ይከብደኛል» አለች። መጀመሪያ ዘፈኑን ያከብደዋል ብዬ ተከራከርኳት፤ ትክክል አልነበርኩም። ከሰው አገር ከመጣ ሰው ፊት የሚቀመጡት ሁሉ አንድ ያልገባ ሰው አላቸው፤ ዘፈኑ እነሱን ካላሰበ ምስጋናው እንደ ፉከራ ይሰማል። ልኩ አንድ ጥንድ ነው፣ መልኩም ጸሎት። ሁለት ከሆነ ወደ ሙሾ ይዞራል።

አብራኝ የወጣችው ቀን አልደረሰላት፣
እኔን እንዳመጣህ መንገዱን ጥረግላት።

ቦታው መጨረሻ ነው፣ ከመግባቷ ቀጥሎ። መሐል ብናስገባው «እኔን እንዳመጣህ» የሚለው ገና ያልሆነ ነገር ይሆንብናል።

አዝማቹ፦ ተቀባዩ ምን ይበል?

አዝማች ሁለት ሥራ አለበት። ማንም ሳይለማመድ በመጀመሪያው ዙር መቀበል መቻል አለበት፤ ስለዚህ መነሻው የታወቀ ቃል ይሁን። ደግሞም የዚህች ሰው ብቻ የሆነ አንድ ነገር ይያዝ፤ ስለዚህ መድረሻው አዲስ ይሁን። ስምንት ዓመት ሙሉ እናቷ የምታውቃት በስልክ ነበር። ከዚያ ይህ መጣ፦

ተመስገን ተመስገን አገባኸኝ ቤቴ፣
ዛሬማ ያለ ስልክ ሰማችኝ እናቴ።

የመጀመሪያ ቀን ስንሞክረው የማይጥም ነገር ነበረው። እሷ «አገባኸኝ ቤቴ» ስትል ሃያ ሰው ተቀብሎ «አገባኸኝ ቤቴ» ይላል። የገባችው አንድ ሰው ሆና ሳለ ሁሉም ገባሁ ማለቱ ነገሩን አቀለለው። መፍትሔውን ቋንቋው ራሱ ይዞት ኖሯል፤ ለተቀባዩ «እኔን» በ«እሷን» ብቻ ለወጥንለት፦

ተመስገን ተመስገን አገባሃት ቤቷ፣
ዛሬማ ያለ ስልክ ሰማቻት እናቷ።

ቀለሙ አልተነካም፤ «አገባኸኝ» አራት፣ «አገባሃት» አራት፣ «እናቴ» ሦስት፣ «እናቷ» ሦስት። እሷ ስለ ራሷ ታመሰግናለች፣ ሰዉ ስለ እሷ ያመሰግናል። ተመላሹ ወንድ ከሆነ «አገባኸው ቤቱ» እና «ሰማችው እናቱ» ይሆናል፤ እሱም ይገጥማል።

በቤታችሁ የሚባለው ምስጋና «አልሐምዱሊላህ» ከሆነ አምስት ቀለም ስለሆነ አንድ ይጎድላል። «አልሐምዱሊላሂ» ብላችሁ መጨረሻውን ክፈቱት፤ ስድስት ሞልቶ በተመስገኑ ቦታ ልክክ ይላል።

አንድ ወጥመድ ተጠንቀቁ። «ያለ ስልክ» የሚለው «ለ» ላልቶ ነው የሚባለው፤ ስልክ ሳይኖር ማለት ነው። ዜማው እዚያ ላይ ጫን ካለና ዘፋኟ ካጠበቀችው «ያለ» ማለት «የሚገኝ» ይሆንና ነገሩ ይገለበጣል፣ ስልኩ አለ ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ልዩነቱ በድምፅ ብቻ ነው። በግጥማችሁ ውስጥ በመጥበቅና በመላላት ትርጉሙ የሚለወጥ ቃል ካለ ከጭብጨባው ጋር አብሮ እንዳይወድቅ አድርጉ፤ ጭብጨባ ያጠብቃል።

ምት

ከጭብጨባው እንነሣ። ምቱ ችክችካ ነው፣ ስድስት ስምንተኛ የሚባለው፤ በአንዱ ጭብጨባ ሆድ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ምት አለ። ለአንድ ሐረግ አራት ጭብጨባ ስጡ። በስንኞቹ ላይ በአንድ ጭብጨባ ሁለት ቀለም ይግባ፤ የመጀመሪያው ረዘም፣ ሁለተኛው አጠር ይበል። ሻን-ጣ፣ ዬን-ስ፣ ዘ-ጋ። ስድስቱ ቀለም በሦስት ጭብጨባ አለቀ፤ አራተኛው ባዶ ነው፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት።

አዝማቹ ላይ ሲደርስ አከፋፈሉ ይለወጣል፣ ጭብጨባው ግን አይለወጥም። ሦስት ቀለም በአንድ ጭብጨባ ይገባና ቀጣዩ ጭብጨባ ባዶ ይሆናል። ተ-መስ-ገን፣ ባዶ፣ ተ-መስ-ገን፣ ባዶ። ቃሉ ራሱ ሦስት ቀለም ስለሆነ በአንድ ምት ውስጥ ሙሉውን ይቀመጣል። እኔ መጀመሪያ አዝማቹንም ሁለት ሁለት አድርጌ ሞክሬው ነበር፤ «ተመስ-ገንተ-መስገን» ሆኖ ሰዉ ሳይይዘው ቀረ። ቃሉ ሁለት ላይ ከተሰነጠቀ ተቀባይ አይከተለውም።

ፍጥነቱን በሰዓት ለኩት። በደቂቃ ሰማንያ ጭብጨባ ከሆነ አንዱ ሐረግ ሦስት ሰከንድ፣ ጥንዱ አሥራ ሁለት ሰከንድ ይወስዳል። አንድ ጥንድ፣ አንድ አዝማች በእሷ፣ አንድ አዝማች በተቀባይ፣ ሠላሳ ስድስት ሰከንድ። በአምስት ሲባዛ ሦስት ደቂቃ። ሰዉ ሲሞቀው ፍጥነቱ መጨመሩ አይቀርም፤ አራተኛው ጥንድ ላይ ቃላቱ መታፈን ከጀመሩ አጨብጫቢውን ዝቅ በሉ በሉት።

ዜማና ቅኝት

ቅኝቱ ትዝታ ይሁን አልን፤ እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ትዝታ ሁለት መልክ አለው። ሙሉው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሌላኛው ያንኑ አምስት ድምፅ ይዞ ሚና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፤ ሐዘን ያለበት እሱ ነው። ሙሉውን ዘፈን በሐዘንተኛው ብንዘፍነው ሰዉ ከአዝማቹ በፊት ማልቀስ ይጀምራል፣ «ተመስገን»ም እንደ እግዚኦታ ይሰማል። በሙሉው ብቻ ብንዘፍነው ቁም ሳጥኑና ሌሊቱ ክብደታቸውን ያጣሉ። ስለዚህ ስንኞቹን በሐዘንተኛው፣ አዝማቹን በሙሉው አደረግን፣ ዶው አንድ ሆኖ። የሚለወጡት ሁለት ድምፆች ብቻ ስለሆኑ ዘፋኟ አትጠፋም፤ አድማጩ ደግሞ ምን እንደተለወጠ ሳያውቅ ፊቱ ይፈታል። አራተኛው ጥንድ ላይ፣ መግባቷን በሚናገረው፣ ስንኙም በሙሉው ሆነ። አምስተኛው ወደ ሐዘንተኛው ተመለሰ።

ይህ በድምፅ ብቻ፣ በማሲንቆ ወይም በኪቦርድ ይሠራል። ክራር ካለ ግን ችግር አለ፤ ክሮቹ አንዴ ከተቃኙ በዘፈን መሐል ሚና ላን ማንሣት አይቻልም። ያኔ ወይ ክራሩ በስንኞቹ ላይ ዝም ብሎ አዝማቹን ብቻ ይምታ፣ ወይ ሁሉም ነገር በሙሉው ትዝታ ይሁን። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ክራር በገባ ቁጥር አዝማቹ እንደመጣ ሰዉ ያውቃል።

የአዝማቹ ዜማ ከላይ ይጀምርና ወደ ዶ ይወርዳል። ተመስገን ሶል-ላ-ሶል፣ ሁለተኛው ተመስገን ሚ-ሶል-ሚ፣ «አገባኸኝ ቤቴ» ሬ-ሚ-ሶል፣ ሚ-ሬ-ሬ። እዚያ ሬ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሁለተኛው ስንኝ በዚያው ይነሣና «ሰማችኝ» ሬ-ሚ-ሬ፣ «እናቴ» ዶ-ዶ-ዶ ብሎ ያርፋል። «እናቴ» ቤቱ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ስንኞቹ ደግሞ ከዶ ተነሥተው ቀስ ብለው ወደ ሶል ይወጣሉ፤ ተናጋሪ ድምፅ ይመስላሉ።

ዶው የትኛው ይሁን? ዘፋኟ ሳትጨነቅ የምታወርደውን ዝቅተኛ ድምፅ ፈልጉና ከእሱ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ዜማው ከዶ እስከ ላ ብቻ ስለሚሄድ ላይ አያስቸግራትም። ድምፅ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም፤ ግብዣው ማታ ከሆነ ማታ ሞክሩት። ስልክ ላይ ቅዱትና ከሁለት ሰዓት በኋላ አዳምጡ። ቃል የጠፋበት ቦታ ካለ ጥፋቱ የዘፋኟ ላይሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ቀለሙን እንደገና ቁጠሩ።

በዕለቱ

ልምምድ ላይ ሦስት ጊዜ ደረቅ ሆና ዘፈነችው። አራተኛ ጊዜ እናቷ ከጓዳ ወጥታ ቆመች፤ «ሻንጣዬን ሳወርደው» ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። ይህ እንደሚመጣ አስቀድማችሁ እወቁት፣ ቦታውም እዚያው ነው፣ አራተኛው ጥንድ። «አይዞሽ» ማለት አይበቃም። አንድ ሰው መድቡ፤ ወንድም ይሁን ጓደኛ፣ ሁሉንም ግጥም በቃሉ የያዘ። ድምፅዋ ሲቆረጥ ጥንዱን እሱ ይጨርስ፣ ቃሉንም ሳይለውጥ፤ «ሻንጣዬን» የእሷ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ተቀባዩ ሳይጠበቅ አዝማቹን ያንሣ፤ «አገባሃት ቤቷ» እስኪባል እሷ ትንፋሿን ትሰበስባለች። የተቀባዩን አዝማች ለብቻው ማድረጋችን እዚህ ጠቀመን።

ተቀባዮችን ከዘፈኑ በፊት ሁለት ጊዜ አስጠኗቸው፤ ከሁለት በላይ አታድርጉ። እልልታ የት ይግባ ለሚለው፣ ከአዝማቹ ሁለተኛ ስንኝ በኋላ ባለው ባዶ ጭብጨባ ይጀምር። በስንኞች መሐል ከገባ ቀጣዩ ቃል አይሰማም።

እናት ካልጠበቀች

ይህን የምጨምረው ሌላ ሰው ጠይቆኝ ስለሠራሁት ነው። ከሰው አገር የተመለሰ ሁሉ ደጅ ላይ እናቱን አያገኝም፤ አንዳንዱ መርዶዋን የሰማው እዚያው ሆኖ ነው፣ ለቀብር ሳይደርስ። ያኔ ከላይ ያለው ዘፈን እንዳለ ቢዘፈን ጭካኔ ነው። ግን ሙሉውን መጣል አያስፈልግም። የመጀመሪያው ጥንድ ይቆይ፤ ስም የጠራች እናት በዚያ ሌሊት እውነት ነበረች። የሚቀየረው አራተኛው ነው፦

ሻንጣዬን ሳወርደው ደጃፉ ጭር ብሎ፣
ስሟን ልጥራ ብዬ ድምፄ ቀረ ዝሎ።

በመጀመሪያው እናት ስም ጠርታ ነበር፤ አሁን ልጅ ሊጠራ ሞከረ። ይህ ጥንድ በሐዘንተኛው ቅኝት ይቆይ፣ ወደ ሙሉው አይዙር። አዝማቹም «ዛሬማ ያለ ስልክ ሰሙኝ ወንድም እህቴ» ይሁን፤ ሁለተኛው ሐረግ ስድስት ቀለም ነው፣ «ቤቴ» ላይም ቤት ይመታል። ከዚያ ጥንድ በኋላ ተቀባዩ «ተመስገን»ን ወዲያው አያንሣ። አራት ጭብጨባ ያህል ዝም ይበል፣ እጅም አይጨብጨብ። አዝማቹን መጀመሪያ ተመላሹ ራሱ ይጀምረው፤ ካልጀመረው ደግሞ ዘፈኑ እዚያው ይቁም።